አፕሊኬሽን የሚለይ ፋየርዎል፦ የዘጠኝ ወር ልምድ

አርባ ያህል ሠራተኞች ባሉበት ቢሮ ኔትወርኩን የምይዘው እኔ ነኝ። የቀድሞው ፋየርዎላችን በአድራሻና በፖርት ብቻ የሚወስን ነበር፤ ወደ ውጭ ለሚወጣው ትራፊክ የነበረን ዋና ደንብም ይህ ነበር።

```
iptables -A FORWARD -i eth1 -o eth0 -p tcp --dport 443 -j ACCEPT
```

ደንቡ የሚያነበው የፓኬቱን ራስጌ ነው፦ ከየት መጣ፣ ወዴት ይሄዳል፣ በየትኛው ፖርት። በ443 የሚያልፈው ነገር በእርግጥ ድረ ገጽ መሆኑን የሚያጣራበት መንገድ የለውም።

ትራፊኩ የየትኛው አፕሊኬሽን እንደሆነ የሚለየው አዲሱ ፋየርዎል በገባ በሁለተኛው ሳምንት፣ ከሒሳብ ክፍል ኮምፒውተር ወደ አንድ የውጭ ሰርቨር በፖርት 443 የተከፈተ፣ ሌሊቱን ሙሉ ያልተቋረጠ ግንኙነት በሎጉ ላይ አየሁ፤ በአፕሊኬሽን ዓምዱ ግን ከርቀት ወደ ሌላ ኮምፒውተር የሚገባበት `ssh` ተብሎ ተመዝግቧል። መሣሪያው ተሳስቶ እንደሆነ ለማረጋገጥ ግንኙነቱ አዲስ ሲከፈት በ`tcpdump` ያዝኩት። የድረ ገጽ ትራፊክ የሚመሰጠርበት ቲኤልኤስ ቢሆን ኖሮ የመጀመሪያዎቹ ባይቶች `16 03` መሆን ነበረባቸው፤ ያገኘሁት ግን በግልጽ የሚነበብ `SSH-2.0-OpenSSH` ነው። የሒሳብ ሶፍትዌሩን የሚጠግንልን የውጭ ባለሙያ ከቤቱ ሆኖ ለመግባት ያበጀው መሿለኪያ ኖሯል። ክፉ ሐሳብ አልነበረውም፤ ፈቃድም አልነበረውም። በቀድሞው ደንብ የሰርቨሩን አድራሻ ብንዘጋበት እንኳ ሌላ ሰርቨር ተከራይቶ በማግስቱ ይመለስ ነበር፤ አሁን የተዘጋው ፕሮቶኮሉ ራሱ ስለሆነ አድራሻ መቀየር አይጠቅመውም።

ይሁን እንጂ መሣሪያው ከመጀመሪያው ፓኬት አያውቅም። የቲሲፒ መጨባበጥ አልቆ ጥቂት ዳታ እስኪያልፍ መጠበቅ ስላለበት፣ ፈጽሞ መገናኘት የሌለብንን ሰርቨር ዛሬም በአድራሻ ነው የምዘጋው።

የተመሰጠረው ትራፊክ የበለጠ ያስቸግራል። ሳይፈታ የሚታየው በአብዛኛው ኮምፒውተሩ በመጀመሪያ ሰላምታው የሚጠራው የድረ ገጹ ስም ነው። አንድ አድራሻ ብዙ ድረ ገጾችን በሚያስተናግድበት ዘመን ይህም ቀላል ነገር አይደለም፤ ከስሙ በኋላ ያለው ግን ተሸፍኗል። ብሮውዘሮች በቲሲፒ ፈንታ በዩዲፒ 443 የሚጠቀሙበትን ኩዊክ የተባለ ፕሮቶኮል መሣሪያችን በአግባቡ ስለማይለየው ዘጋሁት፤ ብሮውዘሮቹም ወደ ቲሲፒ ተመለሱ፣ ከሠራተኞቹም ቅሬታ አልመጣም።

ምስጠራውን መፍታት ስጀምር ግን ስልኬ መጮህ ጀመረ። ፋየርዎሉ ለመፍታት በድረ ገጹ ሰርተፍኬት ፈንታ የራሱን ስለሚያቀርብ ይህንኑ በየኮምፒውተሩ ብጭንም፣ የራሱን ሰርተፍኬት ብቻ የሚያምን አንድ የባንክ መተግበሪያ አልከፈት አለ። ባንክና ሕክምና ነክ ድረ ገጾችን ከፍተሻው አወጣኋቸው፤ የሰው ምሥጢር ስለሆነ ቀድሞውንም ማውጣት ነበረብኝ።

ለመግዛት የምታስቡ በማስታወቂያው ላይ በትልቁ የተጻፈውን ፍጥነት ትታችሁ፣ ቲኤልኤስ እየተፈታ የሚያሳልፈውን ጠይቁ። እኛ የመጀመሪያውን አይተን ስለገዛን፣ ዛሬ ምስጠራ የምንፈታው ለቢሮው ሁሉ ሳይሆን ለሒሳብ ክፍል ብቻ ነው።