ለሠርግ የሐበሻ ልብስ የምታዙ፣ «በ20 ቀን ይደርሳል» ሲሏችሁ ቶሎ ብር አትላኩ

ለጥር ሠርግ ወይም ከፋሲካ በኋላ ላለው የሐበሻ ልብስ ለማሠራት እየዞራችሁ ከሆነ እባካችሁ ይህን አንብቡ። ሱቁን በስም አልጠራም። እኛ ላይ የደረሰው ግን በሌላውም ላይ ሲደርስ እያየሁ ስለሆነ ዝም ማለት አልቻልኩም።

የአክስቴ ልጅ ሠርጓ ጥር 18 ነበር። ታህሳስ 1 ቀን ሽሮ ሜዳ ካለ አንድ ሱቅ ለአምስት ሚዜዎቿ ቀሚስ አዘዘች። ጨርቁ መነን፣ ጥበቡ በእጅ የተሸመነ፣ ቀለሙ ጥቁር አረንጓዴ ከወርቃማ ጋር፣ ጥበቡ ከታች ጠርዙ ላይ ሰፋ ያለ። ባለሱቋ «በ20 ቀን ይደርሳል፣ አታስቢ» አለቻት። ከዋጋው 70 በመቶ በባንክ ተላከ። ደረሰኙ ላይ የተጻፈው «የቀሚስ ቅድሚያ ክፍያ» ብቻ ነው። ቀን የለውም። የጥበቡም ዓይነት አልተጠቀሰም።

አሁን ያንን «20 ቀን» አብረን እንቁጠረው፤ ነገሩ ሁሉ ያለው እዚያ ላይ ነውና።

ቀሚሱን የሚሠራው ሱቁ አይደለም። ሱቁ ትእዛዝ ይቀበላል፣ ክር ይገዛል ወይም ያስገዛል፣ ለሸማኔ ይሰጣል። ሸማኔው ድሩን ወጥሮ ይሸምናል። ጥበቡ ላይ ሲደርስ እያንዳንዱን ቅርጽ በእጁ ክር እየቆጠረና እያነሳ፣ ባለቀለሙን ክር እያስገባ ነው የሚሄደው። ሜዳው ጨርቅ ቶሎ ይሄዳል፤ ቀኑን የሚበላው ጥበቡ ነው። ከዚያ ጨርቁ ወደ ልብስ ሰፊ ይሄዳል፣ ልክ ይታያል፣ ይስተካከላል። በኋላ ያነጋገርነው ሸማኔ የኛ ዓይነት ሰፊ ጥበብ ያለው ጨርቅ ለአንድ ቀሚስ ሳምንት ገደማ እንደሚፈጅበት ነግሮናል። አምስት ቀሚስ በአንድ ሸማኔ እጅ አምስት ሳምንት ማለት ነው። ታህሳስ 1 ድሩ ተወጥሮ ቢሆን እንኳ ሽመናው የሚያልቀው ጥር 6 ነው። ስፌቱ ገና አልተጀመረም። ቀጥሎ ጥር 10 ከተራ፣ ጥር 11 ጥምቀት፣ ጥር 12 ቃና ዘገሊላ። ማን ይሠራል?

ስለዚህ «20 ቀን» የሚለው በአንድ ሸማኔ እጅ ከመጀመሪያውም ሊሆን የሚችል ነገር አልነበረም። ሊሆን የሚችለው ሥራው ለሦስት ወይም ለአራት ሸማኔ ሲከፋፈል ነው። ይህ ደግሞ የራሱ ጣጣ አለው። የአንዱ ሸማኔ እጅ ጠበቅ ያደርጋል፣ የሌላው ላላ ያደርጋል። አንዱ ዘንድ ጥበቡ አንድ ስንዝር ሲሞላ ሌላው ዘንድ ያንኑ ቅርጽ ሸምኖ ጣት ያህል ይበልጣል። አንድ ሰው ብቻዋን ስትለብሰው ማንም አያየውም። አምስት ሚዜ ተሰልፎ ፎቶ ሲነሳ ግን ጠርዙ ከፍና ዝቅ ይላል። ክሩም እንደዚያው ነው። በተለያየ ጊዜ የተነከረ ክር አንድ ዓይነት አረንጓዴ አይወጣም። ለአምስቱም የሚሆነው ክር በአንድ ጊዜ ካልተገዛ፣ መሀል ላይ ሲያልቅ የሚመጣው «ያው አረንጓዴ» ያው አይደለም።

ጊዜውም ራሱ ከባድ ነው። በነቢያት ጾም ኦርቶዶክሱ ሠርግ አያደርግም። ከገና በኋላ ጀምሮ ዓቢይ ጾም እስኪገባ ያለው ጊዜ ሁሉ በሠርግ ይሞላል። የዚያ ሁሉ ሠርግ ልብስ የሚታዘዘው ደግሞ ህዳርና ታህሳስ ላይ ነው። በዚያው ወር የገናና የጥምቀት ልብስ ፈላጊውም ይጨመራል። በመስከረም አጋማሽም ሌላ ችግር አለ። ከሽሮ ሜዳ ሸማኔዎች ብዙዎቹ የጋሞ ልጆች ናቸው። መስቀል ለእነሱ የዓመቱ ትልቅ በዓል ስለሆነ አገር ቤት ይገባሉ። ለጥቅምት ሠርግ ነሐሴ መጨረሻ ላይ ያዘዘ ሰው ይህን ካልጠየቀ ሥራው መሀል ላይ ይቆምበታል። ሸማኔውን ማንም ሊወቅሰው አይችልም፤ በዓሉ የታወቀ ነው። ማወቅና አስቀድሞ መናገር ያለባት ባለሱቋ ናት።

ወደ እኛ ልመለስ። ታህሳስ 15 አካባቢ ባለሱቋ «እንዴት ሆነ?» ስትባል ፎቶ ላከች። አረንጓዴ ጥበብ ሽመና እቃው ላይ ሆኖ ይታያል። ደስ አለን። በኋላ ያንኑ ፎቶ ሌላ ሱቅ ቴሌግራም ቻናል ላይ አገኘነው፣ ከወራት በፊት የተለጠፈ። ከዚያ «ሸማኔው ታሟል»፣ ከዚያ «ክሩ ከገበያ ጠፍቶ»፣ ከዚያ «ከጥምቀት በኋላ የግድ»። ጥር 15 አምስቱ ቀሚስ መጣ። ሦስቱ የእጅ ሥራ ናቸው። ሁለቱ ግን ዝግጁ ጨርቅ ላይ የማሽን ጥልፍ የተደረገባቸው ሆነው ተገኙ። አረንጓዴውም የተለየ ነው።

ይህን የምታውቁት ጨርቁን ገልብጣችሁ ነው። በእጅ የተሸመነ ጥበብ ከጨርቁ ጋር አብሮ የተሠራ ስለሆነ ከጀርባውም ባለቀለሙ ክር ሲያልፍና ሲሻገር ይታያል፣ ስትነኩት ልስልስ ይላል። የማሽን ጥልፍ ከጀርባው አብዛኛውን ጊዜ ሌላ ቀጭን ነጭ ክር ይታይበታል። ደረቅ ይላል። ብዙ ጊዜም ለመደገፊያ የገባ ወረቀት መሰል ነገር ከሥሩ ይቀራል። የታተመ ከሆነ ደግሞ ጀርባው ደብዛዛ ነው። የማሽን ጥልፍ መጥፎ ነው እያልኩ አይደለም፣ ርካሽና ፈጣን ስለሆነ አውቆ የሚገዛው አለ። በእጅ ሥራ ዋጋ መሸጡ ግን ማጭበርበር ነው።

አምስቱም ሚዜዎች በሦስት ቀን ውስጥ ከሌላ ሱቅ ዝግጁ ቀሚስ ገዝተው ለበሱ። ሱቁ «ሥራው አልቆ ተረክባችኋል» ብሎ የሁለቱን ቀሚስ ገንዘብ በከፊል ብቻ መለሰ።

እና ምን ይጠየቅ? «መቼ ይደርሳል?» አትበሉ። ለዚህ ጥያቄ ሁሉም መልስ አለው። ሥራውን በየደረጃው ከፍላችሁ ጠይቁ፣ መልሱንም በጽሑፍ አስቀሩ። እህቴ በቅርቡ እሷም አምስት ቀሚስ ስታሠራ ብር ከመላኳ በፊት ለባለሱቋ የጻፈችው ይህ ነው፦

«ሰላም እህቴ። ስለ አምስቱ ቀሚስ ነበር። ክፍያውን ከመላኬ በፊት እነዚህን አረጋግጪልኝ። ክሩ በእጅሽ ነው ወይስ ገና ይገዛል? ለአምስቱም በአንድ ጊዜ ነው የሚገዛው? ድሩ የሚወጠረው በየትኛው ቀን ነው? ስንት ሸማኔ ይሠራዋል፣ አንዱ ቀሚስስ ስንት ቀን ይፈጅበታል? ከእኔ በፊት ወረፋ አለ? ጨርቁ ለሰፊ የሚሰጠው መቼ ነው? ልክ የምናየውስ? በዓላቱን ቀንሰሽ ቁጠሪልኝ። ጥበቡ በእጅ የተሸመነ እንዲሆን ነው የተስማማነው። ከተባባልነው ቀን ካለፈ እንደማልቀበልና ገንዘቤን እንደምትመልሺ ተስማምተን እንጻፈው።»

መልሱን በደንብ አንብቡት። «ሸማኔዬን ልጠይቅና ነገ ልንገርሽ» ካለች ደስ ይበላችሁ። ሸማኔ አላት፣ ወረፋውንም ታጣራለች ማለት ነው። «ይሄ ሁሉ ምን ያደርጋል፣ እኔ እያለሁ አታስቢ» ካለች ሂዱ፣ ሌላ ሱቅ አለ። ሦስተኛ ዓይነት መልስም አለ። «አምስቱን በአንድ ሸማኔ ካልሽ አይደርስም፣ በሁለት ካልሽ ይደርሳል ግን ትንሽ ልዩነት ይኖረዋል» የምትል። እህቴ ያገኘችው ይህን ነው። የጥበቡን ስፋት በግማሽ ቀንሳ በአንድ ሸማኔ አሠራችው።

ቀኑን እናንተም ወደኋላ ቁጠሩት። ሠርጉ ጥር 18 ከሆነ ልክ መታየት ያለበት ከከተራ በፊት፣ ጥር 5 አካባቢ ነው። ለስፌት አሥር ቀን ያህልና የገና በዓል ሲጨመር ጨርቁ ታህሳስ 22 ሰፊው እጅ መግባት አለበት። ከዚያ አምስት ሳምንት ሲቀነስ ድሩ ህዳር 17 መወጠር ነበረበት። ክር መግዣና ወረፋ ሲታሰብ ደግሞ ትእዛዙ ከጥቅምት መጨረሻ ማለፍ የለበትም። ልብሱ ወደ ዋሽንግተን ወይም ወደ ዱባይ በሰው እጅ የሚሄድ ከሆነ የመንገደኛውን ቀን ጨምሩበት። እዚያ ልክ ሳይሆን ቢቀር የሚያስተካክለውም ሰው ከወዲሁ ይታሰብ።

ክፍያውን ከሥራው ጋር እያያያዛችሁ ክፈሉ። ለክር መግዣ ትንሽ፣ ድሩ ተወጥሮ ስታዩ የተወሰነ፣ ጨርቁ ሲወርድ የተወሰነ፣ ቀሪው ልክ ታይቶ ስትረከቡ። «ስታዩ» ያልኩት በዓይን ነው። አዲስ አበባ ያላችሁ ሸማኔው ዘንድ ሂዱ፣ ሱቁ እሺ ካለ ብዙ ሩቅ አይደለም። ውጭ ያላችሁ ፎቶ ሳይሆን በቀጥታ የቪዲዮ ጥሪ ጠይቁ፣ የእናንተ ቀለም ክር እየተሸመነ ይታያችሁ።

ደረሰኙ ላይም «ቀብድ» ይባል። በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 1885 መሠረት፣ በሌላ ካልተስማሙ በቀር፣ ቀብድ የተቀበለ ሰው ውሉን እተዋለሁ ካለ እጥፉን ይመልሳል። የሰጠውም ከተወ ቀብዱ ይቀርበታል፣ ስለዚህ መጠኑን አነስ አድርጉት። ይህ ግን ውሉን ለሚተው እንጂ ለሚያዘገይ አይደለም። ለመዘግየቱ የሚያግዛችሁ ወረቀቱ ላይ ያለው ቀን ነው። የማስረከቢያው ቀን፣ የጥበቡ ዓይነት፣ የጥበቡ ስፋት በሴንቲሜትር፣ «በእጅ የተሸመነ» የሚለው ቃል፣ ባይደርስ ምን እንደሚሆን፣ የሁለታችሁ ፊርማ። ከክሩ ቁራጭ ወስዳችሁ ወረቀቱ ላይ ስቴፕል አድርጉት፣ ቀለሙን በኋላ የምታመሳክሩት ከእሱ ጋር ነው።

ያ ሱቅ አሁን ከፋሲካ በኋላ ላሉ ሠርጎች ትእዛዝ እየተቀበለ ነው። ፎቶውም ያው የአረንጓዴው ጥበብ ፎቶ ነው። ለሚያዝያና ለግንቦት የምታሠሩ፣ ጥያቄዎቹን ዛሬውኑ ላኩ። ብር ያልላካችሁ መልሱ እስኪመጣ አትላኩ። የላካችሁም ድሩ ተወጥሮ እንደሆነ ነገ ሄዳችሁ እዩት።