ወደ ጎንደር ገንዘብ ሲላክ፦ ያለ ክፍያ ወይስ በጥሩ ምንዛሬ?

ከሐምሌ 2016 ዓ.ም ወዲህ ምንዛሬው ከባንክ ባንክ ይለያያል። ስለዚህ የመላኪያ ክፍያውን ብቻ አይቶ መወሰን ያሸውዳል። አንዱ ያለ ክፍያ ዶላሩን በ150 ብር ይመነዝራል እንበል፤ ሌላው 4 ዶላር ቆርጦ የቀረውን በ154።

50 ዶላር ሲላክ፦ አዘዞ ያሉት እናታችን ከመጀመሪያው 7,500፣ ከሁለተኛው 7,084 ብር ይደርሳቸዋል።
200 ሲሆን ይገለበጣል፦ 30,000 እና 30,184።

በዚህ ሒሳብ ሁለቱ እኩል የሚሆኑት 154 ዶላር ላይ ነው። ከደሞዙ በየወሩ 100 ለሚቆርጥ ሰው ያለ ክፍያው ይሻለዋል። የሁለት ወሩን አጠራቅሞ በሌላው ቢልክ ትርፉ 184 ብር ብቻ ነው፤ ለዚህ ብሎ እናትን በጤፍ መግዣ ማስጠበቅ ደግሞ አያዋጣም። ለጥምቀት ወይም ለሠርግ ጠቀም ያለ ገንዘብ ሲሆን ግን ክፍያ ያለው ያዋጣል። ማወዳደሪያው ከመላክዎ በፊት የሚታየው፣ ተቀባዩ እጅ የሚገባው ብር ነው።