ደሴ ላላችሁ እህቶቼ፣ ከሚዛን ጭንቀት ያወጣችኝን ሲስተር ላመስግንላችሁ

ሰላም ናችሁ የደሴ ልጆች፣ የኮምቦልቻም፣ የሐይቅም። ይሄን ልጻፍ ካልኩ ቆይቼ ነበር ግን ዛሬ ሚዛን ላይ ወጥቼ ቁጥሩ ከትናንት በ800 ግራም ጨምሮ ሳየው ምንም ሳይመስለኝ ወርጄ ቡናዬን አፈላሁ፣ ያኔ ነው እኔ ነኝ ወይ ይቺ ያልኩት። ባለፈው ዓመት ቢሆን ቀኑን ሙሉ አልቅሼ ነበር። ለዚህ ያበቃችኝ አንዲት ሲስተር ናት፣ ቧንቧ ውሃ አካባቢ የአመጋገብ ምክር የምትሰጥ፣ ስሜን አትጻፊ ስላለችኝ ሲስተር ብቻ ልበላት። አላህ ዕድሜና ጤና ይስጣት።

ከሷ በፊት የደረሰብኝን ትንሽ ልናገር፣ የማንንም ስም አልጠራም። ሁለተኛ ልጄን ወልጄ 84 ኪሎ ስገባ አንድ ጂም ተመዘገብኩ። እዛ በሳምንት አንዴ፣ ዓርብ ማታ፣ ሰው ሁሉ ቆሞ እያየ ነበር የምንመዘነው። ምሳ በልቼ፣ ውሃ ጠጥቼ፣ ጫማዬን ሳላወልቅ። ልጁ ቁጥሩን ጮክ ብሎ ያነባል፣ ከጨመረ «ምን በልተሽ ነው?» ይለኛል። ሳምንቱን ሙሉ እራቴን በሽሮና በጎመን ብቻ ነው የበላሁት ብለው ማን ይመነኝ። ሁለት ወር እንዲህ ተዋርጄ ተውኩት። ከዛ ደግሞ ሌላ ቦታ ሻይ ሸጡልኝ፣ በሦስት ቀን 2 ኪሎ ተኩል ይቀንሳል ተብሎ፣ እውነትም ቀነሰ! ግን ሦስቱን ቀን ሽንት ቤት ነበር የዋልኩት፣ ሻዩን ሳቆም በአምስተኛው ቀን ሁሉም ተመለሰ። የሄደው ውሃ እንጂ ስብ እንዳልነበረ ያስረዳኝ ሰው አልነበረም፣ ገንዘቤን ብቻ ነው የተቀበሉኝ። እስካሁን ሳስበው ያንገበግበኛል።

ሲስተር ጋ ስሄድ መጀመሪያ የጠየቀችኝ ስንት ኪሎ ነሽ ብላ አይደለም፣ መቼ ነው የምትመዘኚው ነው ያለችው። ከዛ ደብተር አስወጣችኝና አስጻፈችኝ። ጠዋት ከእንቅልፍ ስነሳ፣ ሽንት ቤት ሄጄ ስመለስ፣ ምንም ሳልቀምስ፣ ያችኑ ስስ የሌሊት ልብስ ለብሼ፣ ሚዛኑ ሁሌ ሲሚንቶው ላይ አንድ ቦታ ተቀምጦ። ምንጣፍ ላይ ሲሆን የተሳሳተ ቁጥር ይሰጣል አለችኝ፣ እኔ ደግሞ ሁልጊዜ ሳሎን ምንጣፍ ላይ ነበር የማስቀምጠው። ሚዛንሽ ግማሽ ኪሎ ቢሳሳት እንኳ ችግር የለውም፣ ሁሌ በዛው ሚዛን ተመዘኚ እንጂ የጎረቤት ሚዛን ላይ አትውጪ አለች። በየቀኑ ጻፊ፣ ግን የአንድ ቀን ቁጥር አይተሽ ምንም ነገር እንዳትወስኚ።

እኔ ግን ወሰንኩ። የመጀመሪያው ሳምንት ሰኞ 84.2 ነበርኩ። በሁለተኛው ሳምንት ቅዳሜ 83.0 ስገባ ደስታዬን አትጠይቁኝ። ያን ቀን የአክስቴ ልጅ ሰርግ ነበር፣ ማታ አምሽተን ቀይ ወጡንም ጥብሱንም በላን፣ ለስላሳም ጠጣሁ። እሁድ ጠዋት ብመዘን 84.9! ከጀመርኩበትም በላይ። እንባዬ መጣ፣ ደወልኩላት፣ እሁድ ስለሆነ አታነሳም ብዬ ነበር፣ አነሳች። «አብሽሪ እታለም፣ ደብተርሽን ይዘሽ ነይ» አለችኝ፣ ወላሂ በእረፍት ቀኗ። ቤቷ ሄድኩ፣ ልጇን አቅፋ ነው የተቀበለችኝ።

መጀመሪያ ቡና ሰጠችኝ። ከዛ እንዲህ አለች፣ አንድ ኪሎ ስብ ለመጨመር ሰው ከሚያስፈልገው በላይ 7,700 ካሎሪ አካባቢ መብላት አለበት፣ ከቅዳሜ ወደ እሁድ 1.9 ጨመርሽ፣ ትናንት ከ14,000 ካሎሪ በላይ ትርፍ በልተሻል ማለት ነው፣ ይሄ ይሆናል? አይሆንም አልኳት። እንግዲያ ጨው ውሃ ይይዛል፣ እንጀራውም ለስላሳውም ሰውነት ውስጥ ሲጠራቀም ውሃ አብሮት ይጠራቀማል፣ አምሽተሽ የበላሽውም ገና ሆድሽ ውስጥ ነው አለችኝ። የቀረውን በደንብ አልገባኝም፣ ግላይኮጅን ምናምን ብላኛለች።

ከዛ በቀይ እስክሪብቶ ደመረችው። የመጀመሪያው ሳምንት 84.2፣ 83.6፣ 84.5፣ 83.9፣ 83.4፣ 84.7፣ 84.5፣ ድምሩ 588.8፣ ለ7 ሲካፈል 84.1። ሁለተኛው ሳምንት 84.0፣ 83.3፣ 83.1፣ 83.8፣ 83.2፣ 83.0፣ ያ የሰርጉ 84.9ም ሳይቀር ገብቶ 585.3፣ ለ7 ሲካፈል 83.6። ከዛ የቀናቱን ቁጥሮች በሙሉ በመዳፏ ሸፈነቻቸውና ሁለቱን ቀይ ቁጥሮች ብቻ አሳየችኝ። 84.1፣ 83.6። ግማሽ ኪሎ ቀንሰሻል አለችኝ። መጀመሪያና መጨረሻ ቀን ብቻ ባይ 700 ግራም ጨምሬያለሁ ብዬ ነበር የምተወው፣ እኔ እኮ ልተወው ነበር! ያቺ መዳፍ ከዓይኔ አትጠፋም። ረቡዕ ስመዘን ያ የሰርጉ ኪሎ ምንም ሳላደርግ ሄዶ ነበር።

እሷን የምወድበት ሌላው ነገር አማካዩም እንደሚያሳስት ሳልጠይቃት ነግራኛለች። ሦስተኛው ሳምንት 83.5፣ አራተኛው 83.6 ሆነና ቆመ ብዬ ስጨነቅ የወር አበባሽ መቼ ነው አለችኝ። በሦስት ቀን ውስጥ ነው። ከሱ በፊት ብዙ ሴት ውሃ ትይዛለች፣ ስለዚህ ሳምንቱን ከቀደመው ሳምንት ጋ ሳይሆን ባለፈው ወር በዛው ጊዜ ከነበረው ሳምንት ጋ አወዳድሪ አለች። አምስተኛው ሳምንት 82.7 መጣ፣ ከመጀመሪያው ሳምንት ጋ ሳየው በአራት ሳምንት 1.4 ኪሎ። እና ምግብሽን ለመቀየር ቢያንስ ሦስት አራት ሳምንት አይተሽ ነው እንጂ በአንድ ሳምንት አትቸኩዪ ብላኛለች። አንዴ ገጠር ሄጄ ሁለት ቀን ሳልመዘን ቀረሁና አምስቱን ቀን ደምሬ ለ7 አካፈልኩት፣ 58 ኪሎ ምናምን መጣልኝ፣ ሳቀችብኝና ለ5 ነው የምታካፍይው አለች። ከአራት ቀን በታች ከሆነ ግን ያን ሳምንት ብዙም አትመኚው።

አንድ ነገር ሳልናገር እንዳላልፍ። እናቴ የልብ ህመም አለባት፣ ሐኪሟ በየቀኑ ተመዘኚ ብሏታል። እኔ ሁሉን አዋቂ ሆኜ «እማ በአማካይ እዪው» ስላት ሲስተር ሰማችና ፊቷ ተለወጠ። እንደሷ ያለ ሰው በአንድ ሁለት ቀን ድንገት ከጨመረ ውሃ እየተጠራቀመ ሊሆን ይችላል፣ ሳምንት አይጠበቅም፣ ያኑ ቀን ለሐኪም ነው የሚነገረው አለችኝ። የዛኑ ቀን ማታ ለእማዬ ነገርኳት። የኩላሊት ህመም ያለበት ሰው ቤታችሁ ካለም እንዲሁ ነው ብላኛለች።

አሁን አልሀምዱሊላህ 13ኛው ሳምንት ላይ አማካዬ 80.3 ነው። ከ84.1 ማለት ነው፣ ምንም ሻይ ሳልጠጣ፣ ማንም ሳይጮህብኝ። ደሴ ያላችሁ እህቶች እባካችሁ ሂዱላት፣ ወንዶችም ትቀበላለች። ከሰዓት ከ10 ሰዓት በኋላ ነው የምትገኘው፣ ቦታውን በውስጥ መስመር ለጠየቀኝ እነግራለሁ። ስትሄዱ የአንድ ሳምንት የጠዋት ሚዛናችሁን ጽፋችሁ ሂዱ፣ መጀመሪያ የምትጠይቃችሁ እሱን ነው። ሲስተርዬ ይሄን ካየሽው ደብተሩ አልቋል፣ አዲስ ገዝቻለሁ፣ ቀዩን እስክሪብቶም።