ለእናቴ ላፕቶፕ ከድሬዳዋ ስገዛ፦ ስክሪኑ፣ ክብደቱና ጥገናው

ሰሞኑን ከቶሮንቶ ቤተሰብ ልጠይቅ ድሬዳዋ ገብቼ ለእናቴ ላፕቶፕ ገዝቼላታለሁ። ሰባ ዓመት ያለፋት ጡረተኛ መምህርት ናት፣ ኮምፒውተር ነክታ አታውቅም። የልጅ ልጆቿን ከስልክ በተሻለ ስፋት ማየት፣ ዜና ማንበብና በአማርኛ ደብዳቤ መጻፍ ትፈልጋለች። ለወላጆቻችሁ ልትገዙ ያሰባችሁ ካላችሁ የሱቁንም የጥገናውንም አገልግሎት እንዴት እንዳገኘሁት ልንገራችሁ።

አዲስ ርካሽ ላፕቶፕ በሻንጣ ይዞ መምጣት የተለመደ ነው። እኔ ሆን ብዬ ተውኩት። ውጭ አገር በርካሽ የሚሸጡት አዳዲሶቹ ብዙ ጊዜ 4 ጊጋባይት ራምና 64 ጊጋባይት ማከማቻ ነው ያላቸው፤ ማከማቻው ከቦርዱ ጋር የተበየደ ስለሆነ በትልቅ መቀየር አይቻልም። ዊንዶውስ ራሱ ብዙውን ቦታ ይይዝና ትንሽ ቆይቶ ለአፕዴት የሚሆን ቦታ ይጠፋል። የአምራቹ ዋስትናም ብዙ ጊዜ ከተገዛበት አገር አያልፍም። ከቢሮ የወጡ ያገለገሉ ላፕቶፖች፣ ማለትም ዴል ላቲቱድ፣ ኤችፒ ኤሊትቡክና ሌኖቮ ቲንክፓድ፣ ድሬ ያሉ ጠጋኞች በየቀኑ የሚፈቷቸው ናቸው። ባትሪው፣ ኪቦርዱ፣ ቻርጀሩ እዚያው ይገኛል።

የገባሁበት የመጀመሪያው ሱቅ አላስደሰተኝም። ሻጩ «ዊንዶውስ 11 ተጭኖበታል፣ አዲስ በሉት» ብሎ አንድ ንጹሕ የሚመስል ማሽን አቀረበልኝ። ሴቲንግ ከፍቼ System ከዚያ About ውስጥ ስገባ ፕሮሰሰሩ i5-6300U ይላል። ከሰረዙ ቀጥሎ ያለው 6 ስድስተኛ ጄኔሬሽን ማለት ነው። ዊንዶውስ 11 ከኢንቴል በኩል የሚቀበለው በጥቅሉ ከስምንተኛ ጄኔሬሽን ጀምሮ ነው፤ ከዚያ በታች ባለው ላይ የሚጫነው የዊንዶውስን የብቃት ፍተሻ በመዝለል ነው፣ ማይክሮሶፍትም ለእንዲህ ያለው ማሽን አፕዴት ለመላክ ዋስትና አይሰጥም። ዊንዶውስ 10 ደግሞ መደበኛ ድጋፉ ጥቅምት 2018 ዓ.ም. (በፈረንጆቹ ኦክቶበር 14 ቀን 2025) አብቅቷል። ለወጣት ሰው መላ አይጠፋለትም፤ ለእናቴ ግን ራሱን በራሱ የሚያድስ ማሽን ያስፈልጋታል። አመስግኜ ወጣሁ።

ሁለተኛው ሱቅ ከዚራ ሰፈር ነው ያለው። ሻጩ ልጅ ለእናቴ ወንበር አቀረበላትና «እማማ፣ እርስዎ ይዩት፣ የሚጠቀሙበት እርስዎ ነዎት» አላት። ማሽኖቹን አብርቶ ፊቷ ደረደረላት። ያገኘሁት ትልቁ አገልግሎት ይሄ ነው፤ የስክሪን ነገር ወረቀት ላይ በተጻፈ ቁጥር አይወሰንማ።

የእናቴ መነጽር የማንበቢያ ነው። እንዲህ ያለ መነጽር የሚሠራው መጽሐፍ ለሚያዝበት ርቀት፣ ወደ 40 ሳንቲሜትር ገደማ ነው። ላፕቶፕ ጠረጴዛ ላይ ሲቀመጥ ስክሪኑ ከዓይን ከ50 እስከ 70 ሳንቲሜትር ይርቃል፤ ስለዚህ በመነጽር ስታየው ይደበዝዝባታል፣ ስታወልቀውም አይጠራላትም። ወደ ፊት ስታጎነብስና አገጯን ከፍ ስታደርግ ካያችሁ ችግሩ ይሄው ነው። 15.6 ኢንች ስክሪን ብቻውን አያድናትም፤ ስክሪኑ 1920 በ1080 ሆኖ ስኬሉ 100 ፐርሰንት ላይ ከተተወ ፊደሉ እዚያም ደቃቅ ነው። እኛ 14 ኢንች ላይ Display ውስጥ ገብተን Scale የሚለውን 150 አደረግነው፤ Accessibility ውስጥም Text size የሚለውን ትንሽ ጨመርንበት። «አሁን ሀ እና ሐ ይለያሉ» አለች፤ ከዚያ ወዲያ ስለ ኢንች አልተጨቃጨቅንም። ዓይኗን እንደገና የምታስመረምር ከሆነ ደግሞ ለላፕቶፑ ርቀት የሚሆን መነጽር ይጠየቅላት።

ሌላው ልጁ ራሱ ያሳየን ነው። ሁለት ተመሳሳይ የሚመስሉ ማሽኖች ላይ አንድ ፎቶ ከፍቶ ክዳናቸውን ወደ ኋላና ወደ ፊት አዘነበላቸው። የአንደኛው ፎቶ ሲዘነበል ፊቱ ጠቆረ፣ ቀለሙ ተገለበጠ፤ ይህ ቲኤን የሚባለው ርካሹ ስክሪን ነው። ሌላው አይፒኤስ ስለሆነ ከየትም ቢታይ ያው ነው። እናቴ ከጎረቤቶቿ ጋር ቡና ላይ የልጅ ልጆቿን ቪዲዮ ስታሳይ ሁሉም ከአንድ አቅጣጫ አይቀመጡም። እንደ መስታወት የሚያብለጨልጨውንም አስወገድነው፤ በድሬ ፀሐይ በረንዳ ላይ የራስን ፊት እንጂ ሌላ አያሳይም።

ክብደቱን ሱቁ ውስጥ በእጇ አስይዤ ነው የለየሁት። 15.6 ኢንች ያላቸው አብዛኞቹ ወደ ሁለት ኪሎ ይጠጋሉ፤ የመረጥነው ኤችፒ ኤሊትቡክ 840 G5 አንድ ኪሎ ተኩል ገደማ ነው። ማታ ከሳሎን ወደ መኝታ ቤት ይዛው ትሄዳለች፣ የእጇ አንጓ ደግሞ ያማታል። ማጠፊያውንም ፈትሹ፦ ክዳኑን በአንድ እጅ ስታነሱ ታችኛው ክፍል አብሮ ከተነሳ ለአሮጊት እጅ ይጠነክራል።

ያገለገለ ስለሆነ ባትሪውን ሳልፈትሽ አልከፈልኩም። ልጁ ራሱ የትእዛዝ መስኮት ከፈተልኝና ይህን ጻፍኩ፦

```
powercfg /batteryreport
```

ትእዛዙ አንድ ፋይል ያወጣል። DESIGN CAPACITY የሚለው ባትሪው ሲሠራ የነበረው አቅም ነው፣ FULL CHARGE CAPACITY ዛሬ የቀረው። ሁለተኛው ከመጀመሪያው ግማሽ በታች ከሆነ መብራት ሲጠፋ ማሽኑም ብዙ አይቆይም። የኛ ዝቅ ብሎ ስለነበር ልጁ ሳይከራከር ሌላ ባትሪ ቀየረልን። እናቴ ፊት ከፍቶም ፋኑን አጸዳው፤ «አቦ፣ የድሬ አቧራ ምሕረት የለውም» እያለ። አልጋ ወይም ትራስ ላይ ካስቀመጠችው ከሥር ያለው የአየር መግቢያ እንደሚታፈን፣ ፋኑ ያለማቋረጥ ሲጮህ ከሰማች ወደሱ እንድታመጣው ነገራት።

የሩቁን ድጋፍ እኔ ያዝኩ። ዊንዶውስ ላይ Quick Assist የሚባል ፕሮግራም አለ፤ እሷ ኮንትሮል፣ ዊንዶውስና ኪው የሚሉትን ቁልፎች አንድ ላይ ትጫናለች፣ እኔ ከቶሮንቶ በስልክ ኮድ እነግራታለሁ፣ ታስገባለች፣ ስክሪኗን አያለሁ። ኮዱ ከአሥር ደቂቃ በኋላ ስለሚሞት አስቀድሞ በመልእክት መላክ አይጠቅምም። ፕሮግራም ስጭን ዊንዶውስ ፈቃድ ሲጠይቅ በእኔ በኩል ስክሪኑ ሊጠቁር ይችላል፤ ያኔ Yes የሚለውን መጫን ያለባት እሷ ናት። ይህን አብረን ተለማመድን። ድምፄን ሳትሰማ ማንም ኮድ ቢነግራት እንዳታስገባም ተስማምተናል።

ከዚራ ያለው ሱቅ አንድ ነገር ቢያስተካክል ደስ ይለኛል። የሦስት ወር ዋስትናውን በቃል ብቻ ነው የሰጠን። ደረሰኙ ላይ የማሽኑን ሴሪያል ቁጥርና የዋስትናውን ቀን ጻፍልኝ ብዬ ስጠይቀው ወዲያው ጽፎ ማኅተም አደረገበት። ሳይጠየቅ ቢያደርገው ይሻል ነበር፤ እናንተ ግን ጠይቁ፣ ይጽፍላችኋል።