ይህችን የሃውስኪፒንግ ሱፐርቫይዘር የሚያገኝ ሆቴል ታድሏል

የሃውስኪፒንግ ሱፐርቫይዘራችን ስድስት ዓመት አብራን ሠርታ በዚህ ወር መጨረሻ በራሷ ፈቃድ ትለቃለች። የሥራ ልምድ ወረቀቷን የፈረምኩት እኔ ነኝ። ወረቀቱ ግን የሥራ መደቧንና የቆየችበትን ጊዜ ብቻ ስለሚናገር፣ የሆቴል ሥራ አስኪያጆች እንድታነቡልኝ ይህን ጻፍኩ።

ቀድሞ በሠራሁበት ሆቴል አንድ እንግዳ "ሰዓቴ ጠፋ" ብሎ ጮኸ። ክፍሉን ያጸዳችው ልጅ ሰው ሁሉ እያየ ቦርሳዋ ተበረበረ፤ በማግስቱ ተባረረች። ሰዓቱ ከሦስት ቀን በኋላ ከራሱ ከእንግዳው ሻንጣ ተገኘ። ልጅቷን ግን ተመለሺ ያላት የለም። ዝም ብለው ካዩት አንዱ እኔ ነበርኩ፤ እስካሁን ይቆጨኛል።

እዚህም አንዲት እንግዳ ቀለበቷ ጠፋባት። ክፍሉን ያጸዳችው ሥራ ከጀመረች ሁለት ሳምንት የሆናት ልጅ ናት፤ እጇ ይንቀጠቀጣል። ሱፐርቫይዘራችን መጀመሪያ ወንበር ስባ አስቀመጠቻት፣ ውሃ ሰጠቻት። ከዚያ መዝገቧን ገለጠች። ማስተር ቁልፉን ማን ፈርሞ እንደወሰደ፣ ክፍሉ በስንት ሰዓት እንደተጸዳ፣ እሷ ራሷ መቼ ገብታ እንዳየችው ሁሉም ተጽፏል። የቆሸሸ አንሶላ በየፎቁ ለብቻው ታስሮ፣ ፎቁና ሰዓቱ ተጽፎበት ነው ወደ ላውንደሪ የሚወርደው። ስለዚህ ያንን ክምር ሁሉ መበርበር አላስፈለጋትም፤ የሦስተኛ ፎቅን ከረጢት ፈትታ አንድ በአንድ አራገፈች። ቀለበቱ ከትራስ ልብስ ጥግ ጠብ አለ። ልጅቷ ዛሬም አብራን ትሠራለች። እናመሰግናለን፣ እህታችን!

የዕለት ሥራዋም እንደዚሁ ነው። እንግዳ የለቀቀው ክፍል እንግዳው ካለበት ክፍል የበለጠ ጊዜ ስለሚፈጅ፣ ጠዋት ሥራ ስታከፋፍል የክፍሉን ብዛት ብቻ አትቆጥርም፤ የለቀቁትን አንዲት ሠራተኛ ላይ አትከምርም። ጸድቷል የተባለ ክፍል እሷ ገብታ ሳታየው ለሪሴፕሽን አይለቀቅም። የመታጠቢያውን ፍሳሽ ማስወጫ ጎንበስ ብላ ፀጉር እንዳልቀረበት ታያለች፣ ሽንት ቤቱን ውሃ ትለቅበታለች፣ የቲቪውን ሪሞት ትሞክራለች። ጉድለት ካገኘች ሠራተኛዋን ኮሪደር ላይ አትቆጣም፤ ወደ ክፍሉ ጠርታ በእጇ ሠርታ ታሳያታለች። ስለ ኬሚካሎቹ እኔ ብዙም አይገባኝም፤ ስም ያልተጻፈበት ጠርሙስ ግን ጋሪ ላይ አይቼ አላውቅም።

ኮምፒውተር ላይ ሪፖርት ስትሞላ ትዘገያለች፤ ይህንንም ሳልደብቅ እናገራለሁ። በስድስት ዓመት ያረፈደችው ሁለት ቀን ነው፤ ሁለቱንም ቀድማ ደውላ አሳውቃለች።

የሥራ ማመልከቻዋ ከደረሳችሁ አታመንቱ፣ ቅጠሯት። መጠየቅ የምትፈልጉት ካለም ደውሉልኝ፣ በደስታ እመልሳለሁ። የምትጀምርበትን ቀን ግን ትንሽ ታገሷት፤ የወሩ የአንሶላና የፎጣ ቆጠራ ሳያልቅ አልሄድም ብላለች።