እሳት የገባው ሳፋየር እና ስንጥቁ የተሞላው

ሁለቱም ሰማያዊ የጌጥ ድንጋዮች ናቸው፤ በዓይን ብቻ ያምታታሉ።

የመጀመሪያው እሳት የገባ ነው። ከ1,600 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ሲግል፣ ድንጋዩን ያደበዘዙት ሩታይል የተባለ ማዕድን ቀጫጭን መርፌዎች ይሟሟሉ። ከነሱ የወጣው ታይታኒየም በድንጋዩ ውስጥ ካለው ብረት ጋር ተጣምሮ ሰማያዊውን ያደምቃል። ለውጡ ቋሚ ነው፤ ድንጋዩም ያው ሳፋየር ነው።

ሁለተኛው ስንጥቅጥቅ ያለ ድንጋይ ነው። እርሳስና ኮባልት ያለበት ብርጭቆ ቀልጦ ስንጥቁ ውስጥ ይገባል። ያ የሚያምረው ቀለም በአብዛኛው የብርጭቆው ነው። በካራት ስትገዙ ብርጭቆም አብሮ ይመዘናል። አስር እጥፍ በሚያጎላ ሉፕ እያገላበጣችሁ እዩት። የአየር አረፋዎችና ስንጥቁን ተከትሎ የተጠራቀመ ሰማያዊ ካያችሁ፣ አበቃ፤ የተሞላው ነው።

ቀለበቱን ልታሰፉ ወርቅ ሠሪ ጋ ወሰዳችሁት እንበል። የመበየጃው እሳት ከነካው ብርጭቆው ይቀልጥና ስንጥቁ ገሃድ ይወጣል። የሎሚ ጭማቂ እንኳ ይበላዋል!

እሳት የገባው፣ መጋሉ በግልጽ ሲነገር፣ ካልተነካው አቻው ይረክሳል፤ ሳይነካ ያማረ ብርቅ ነዋ። ግን በሳፋየር ዋጋ ነው የሚሸጠው። የተሞላው ግን መሞላቱ ሲነገር በካራት ወደ ጥቂት ዶላር ይወርዳል። ሻጩ «ትንሽ ትሪትመንት አለው» ካለ ምንም አልነገራችሁም። የትኛው እንደሆነ ደረሰኙ ላይ ይጻፍላችሁ።