ጃምፕ ከት ለመደበቅ ገንዘባችሁን የት ታውላላችሁ? መሸፈኛ ምስል፣ ትንሽ ዙም እና ፋታ ማሳጠር በአንድ የጅማ በርጩማ ቪዲዮ ላይ ሲነጻጸሩ

አንድ ወጣት ስልኩን ይዞ መጣ። አባቱ እዚሁ ጅማ ውስጥ በርጩማ ይሠራሉ፤ ከአንድ ወጥ ግንድ የሚፈለፈለውን፣ ባለ ሦስት እግሩን። ሥራ ቤታቸው ውስጥ አስቀምጦ 9 ደቂቃ ከ40 ሰከንድ ቀርጿቸዋል። የፈለገው ለገዢ የሚያሳየው የ2 ደቂቃ ቪዲዮ ነው። ራሱ ቆራርጦ ሞክሮታል።

«ወንድሜ፣ አባዬ ሲያወሩ ጭንቅላታቸው ይዘላል» አለኝ። ቀጥሎ ዋናውን ጥያቄ አመጣ። «4ኬ የሚቀርጽ ስልክ ልግዛ? ዝምታ እየፈለገ የሚቆርጥ አፕ በየወሩ ልክፈልበት? ወይስ ተመልሼ ሌላ ምስል ልቅረጽ?»

ጥያቄው የብዙ ሰው ስለሆነ ሦስቱንም በእሱው ቪዲዮ ላይ ሞከርኳቸው።

መጀመሪያ ጭንቅላቱ ለምን እንደሚዘል፣ ማለትም ጃምፕ ከት የሚባለው ከየት እንደሚመጣ እንይ። ካሜራው ቦታውን አልቀየረም። የሰውየው መጠንም ያው ነው። ከመሃል ንግግር ሲወጣ ሁለት በጣም የሚመሳሰሉ ምስሎች ይገናኛሉ። ልዩነታቸው ትንሽ ስለሆነ ዓይናችን «ሌላ ምስል መጣ» አይልም። «ሰውየው ተወረወረ» ነው የሚለው። ስለዚህ መፍትሔው ሁለት ነው። ወይ ልዩነቱን ማጥፋት፣ ወይ ልዩነቱን ሆን ተብሎ የተደረገ እስኪመስል ማስፋት።

ፋታ ማሳጠር፦ ምንም መግዛት የማያስፈልገው

ይሄኛው ልዩነቱን ማጥፋት ነው። አባትየው «ይሄ በርጩማ...» ብለው ሁለት ሰከንድ ያህል ዝም አሉ። ከዚያ «ከአንድ ግንድ ነው የሚወጣው» አሉ። በመሃል አንድ «እ...» አለ። ዝም ሲሉ ሰውነታቸው ብዙም አልተነቃነቀም። ከዝምታው በፊት አፋቸው የተዘጋበትን ፍሬም ያዝኩ። ከዝምታው በኋላ ደግሞ ጭንቅላታቸው እዚያው ቦታ ላይ ያለበትንና ሊናገሩ ትንፋሽ የሚስቡበትን ፍሬም ፈለግኩ። በመካከላቸው 8 ፍሬም ተውኩ። ስልኩ በሰከንድ 30 ፍሬም ስለሚቀርጽ ይሄ ሩብ ሰከንድ ገደማ ነው። ቁርጡን ካልተነገራችሁ አታዩትም።

ትንፋሹን አትቁረጡ። ሰው ከመናገሩ በፊት አየር ሲስብ ካልተሰማ፣ ንግግሩ ከየት እንደመጣ ጆሮ ይጠፋበታል። ሁለት ፍሬም የሚሆን የድምፅ መሸጋገሪያም ቁርጡ ላይ አድርጉ፤ አለዚያ «ጭ» የሚል ድምፅ ሊሰማ ይችላል።

ዝምታ ቆራጩ አፕስ? እዚህ ላይ ገንዘብ ከማውጣታችሁ በፊት አንድ ነገር እወቁ። አማርኛ ቃል ውስጥ ዝምታ አለ። «ሲደርቅ ይሰነጠቃል» በሉና ራሳችሁን አዳምጡ። «ጠ» ላይ ምላስ ተጣብቆ ድምፅ ለቅጽበት ይቋረጣል፤ ፊደሉ ስለሚጠብቅ ደግሞ ማቋረጡ ይረዝማል። አፑ አጭር ዝምታ እንዲቆርጥ ከተደረገ ያንን ቅጽበት እንደ ፋታ ያየዋል። በእኛ ቪዲዮ ላይ ቃሉ ላልቶና ተሰባብሮ ወጣ፣ አባትየው የሚኮላተፉ መሰሉ። አፑን ግማሽ ሰከንድና ከዚያ በላይ የሆነውን ዝምታ ብቻ እንዲነካ ሳስተካክለው ችግሩ ጠፋ። ግን ያኔ የሚቆርጠው በጣም ጥቂት ስለሆነ በእጄ ብሠራው ይሻለኝ ነበር። ሌላም አለ። አባትየው ልጃቸው ሲጠይቃቸው አየር ወደ ውስጥ ስበው «አዎ» የሚሉበት ቦታ ነበር፤ ያችን የምናውቃትን ትንፋሽ። አፑ እንደ ዝምታ ቆጥሮ አወጣት። መልሱ ግን እሷ ነበረች።

የዚህ ዘዴ ድክመት ሲደጋገም ነው። አንድ ቁርጥ አይታይም። አምስት በተከታታይ ሲሆኑ ምስሉ ይንቀጠቀጣል፣ ሰውየውም የሚሮጡ ይመስላል። አዲስ ሐሳብ ሲጀመር ግማሽ ሰከንድ ያህል ተዉ።

ትንሽ ዙም፦ ስልክ የሚያስገዛው

ይሄ ደግሞ ልዩነቱን ማስፋት ነው። ከቁርጡ በፊት ምስሉ 100 ከመቶ ነው፤ ከቁርጡ በኋላ 120 ይሆናል። ተመልካች ሁለተኛ ካሜራ ያለ ይመስለዋል። ልጁ ሲሞክር 104 ነበር ያደረገው። 104 ከምንም አይሻልም፣ እንዲያውም ይብሳል። ጭንቅላቱ ከመዝለሉ በላይ ትንሽ ያበጠ ይመስላል። ከ115 በታች አትውረዱ እላለሁ።

ዋናው ቁም ነገር ዓይናቸው ላይ ነው። ዙም ስታደርጉ ፕሮግራሙ ምስሉን ከመሃል ነው የሚያሰፋው። ፊት ደግሞ ብዙ ጊዜ ከመሃል ከፍ ብሎ ስለሚገኝ ወደ ላይ ይሸሻል። ምስሉን ወደ ታች ስባችሁ ዓይናቸውን ቀድሞ ወደነበረበት ከፍታ መልሱት። አባትየው «ይሄን እግር አይታችሁ ግዙ» ያሉበት ቦታ ላይ ይሄን ሳደርግ፣ ቁርጡ አጽንዖት ሆነ። ወደ 100 የመለስኩት ስለ ዋጋ መናገር ሲጀምሩ ነው። መግባቱ ከአጽንዖት፣ መውጣቱ ከአዲስ ሐሳብ ጋር ሲሆን ያምራል። ያለ ምክንያት በየቁርጡ ገባ ወጣ ከተደረገ ግን ተመልካቹን ይደክመዋል።

ታዲያ 4ኬ ስልክ ያስፈልጋል? ሒሳቡ ቀላል ነው። 1080 ተብሎ የሚጠራው ምስል 1920 በ1080 ነጥብ አለው። 120 ከመቶ ሲሰፋ የምታዩት መሃሉን 1600 በ900 ነው፤ ፕሮግራሙ እሱን ለጥጦ ሙሉውን ምስል ይሞላበታል። በስልክ ስክሪን ላይ ልዩነቱ ብዙም አይታይም። 4ኬ 3840 በ2160 ስለሆነ፣ በ1080 የምታወጡ ከሆነ እጥፍ ድረስ ብታሰፉት አይደበዝዝም። በሌላ በኩል 4ኬ ሦስት እጥፍ ያህል ቦታ ይይዛል፣ አሮጌ ላፕቶፕንም ያንገዳግዳል። ለ120 ብቻ ብላችሁ ስልክ አትቀይሩ። 150 እና ከዚያ በላይ የምትፈልጉ ከሆነ፣ ማለትም ከወገብ በላይ ከተቀረጸ ሰው የፊት ቅርብ ምስል ለማውጣት ካሰባችሁ፣ ያኔ ይገባኛል። ነጻው ዳቪንቺ ሪዞልቭም ሆነ ስልክ ላይ ያለው ካፕከት ዙሙን ይሠራሉ፤ ለዚህ ሲባል ፕሮግራም መግዛት አያስፈልግም።

መሸፈኛ ምስል፦ ጊዜ የሚበላው

ሦስተኛው ቁርጥ ሁለቱንም ዘዴዎች አሸነፈ። ከመሃል 3 ደቂቃ ወጥቷል። ከቁርጡ በፊት አባትየው እጃቸው ባዶ ነው፣ ፀሐይ በበሩ ገብታለች። ከቁርጡ በኋላ መሮ ይዘዋል፣ ሰማዩም ጠቁሯል። የጅማ ሰው ያውቀዋል፤ ሦስት ደቂቃ ለሰማዩ ብዙ ነው። ዙሙን 120 አደረግኩ፣ 130 አደረግኩ። መሮው ከሰማይ የወረደ ይመስላል፣ የግድግዳው ቀለምም ተቀይሯል።

እዚህ ሌላ ምስል ከላይ ማልበስ ግድ ነው። ልጁ ቀርጾ ያመጣቸው ሁለት ነበሩ፤ እያንዳንዳቸው ሁለት ሰከንድ፣ እጁም ይንቀጠቀጣል። አልሆኑም። መልሼ ላክሁት። «ስልኩን ግንድ ላይ አስደግፈህ እያንዳንዱን 10 ሰከንድ ያዝ። እጃቸውን ከቅርብ፣ የሚረግፈውን ፍቅፋቂ፣ ያለቀውን በርጩማ፣ ሥራ ቤቱን ከውጭ» አልኩት። ግማሽ ሰዓት ያህል ፈጀበት።

መሮው እንጨቱን የሚፍቅበትን ወሰድኩ። ርዝመቱ 3 ሰከንድ ተኩል ነው። ከቁርጡ አንድ ሰከንድ ቀድሞ ይገባል፣ ካለፈ በኋላ ሁለት ሰከንድ ተኩል ይቆያል። ልክ ቁርጡ ላይ አይገባም፤ ከገባ የሸፈነው ነገር እንዳለ ያሳብቃል። ተመልካቹ ወደ አባትየው ሲመለስ መሮውን በእጃቸው ያገኘዋል። ሲሠሩበት አይቶታልና አይገርመውም።

ግን ጨርሻለሁ ብዬ ስሰማው አልጨረስኩም። መሸፈኛ ምስል ዓይንን እንጂ ጆሮን አይሸፍንም። ከቁርጡ በኋላ ዝናብ ቆርቆሮውን መምታት ጀምሯል። ድምፁ በአንድ ጊዜ ፈነዳ። ከቀረጻው መጨረሻ ላይ ማንም የማይናገርበት የዝናብ ድምፅ አገኘሁ። ከቁርጡ ሁለት ሰከንድ በፊት ጀምሬ ቀስ እያለ እንዲገባ አደረግኩት። ያኔ ዝናቡ የመጣ እንጂ የተቆረጠ አልመሰለም።

ሁለተኛው የጆሮ ችግር የአማርኛችን ነው። ግሳችን መጨረሻ ላይ ነው የሚመጣው። «ዋንዛውን አድርቀን፣ ፈልፍለን...» ላይ ከቆረጣችሁ ድምፃቸው ተንጠልጥሎ ይቀራል። ከላይ የፈለጋችሁትን ምስል አልብሱት፣ ሰሚው «እሺ፣ ከዚያስ?» ማለቱ አይቀርም። ማሰሪያ ግሱን እስኪናገሩ ጠብቁ። አሉታውም እዚያው ስለሚገኝ፣ ቀድሞ መቁረጥ ያላሉትን ያሰኛቸዋል። መሸፈኛ ምስል ይሄን ለማድረግ በጣም ስለሚመች ነው አጥብቄ የምናገረው።

ታዲያ ለየትኛው ልክፈል?

እጅ የሚሠራው ነገር ላለው ሰው፣ ለበርጩማ ሠሪ፣ ለቡና ቆዪ፣ ለልብስ ሰፊ፣ መልሴ መሸፈኛ ምስል ነው። የስልኩን ገንዘብ ለስልክ ማቆሚያና ለአንድ ሰዓት ተጨማሪ ቀረጻ አውሉት። እንዲህ ያለው ቪዲዮ ላይ ምስሉ ራሱ ዕቃውን ያሳያል።

ለአስተማሪ ወይም ስለ ሕግ ለሚያስረዳ ሰው ግን ሌላ ነው። የሚያሳዩት ዕቃ የላቸውም። ከማይገናኝ ቦታ የተለቀመ የከተማ መንገድና የሰማይ ምስል ማልበስ ሐሳብ ይበትናል። እነሱ በዙምና በፋታ ይሥሩ፤ 4ኬ ስልክም የሚጠቅመው ለእነሱ ነው። ወርሃዊ አፑን የምመክረው በየሳምንቱ ከአንድ ሰዓት በላይ ንግግር ለሚያጸዳ ሰው ብቻ ነው፣ እሱም ውጤቱን ቃል በቃል የሚያዳምጥ ከሆነ።

ለኤዲተር የምትከፍሉ ከሆነ ሥራውን ስትረከቡ ሁለት ጊዜ ፈትሹት። መጀመሪያ ዓይናችሁን ጨፍናችሁ ስሙት። የተዋጠ ትንፋሽ፣ የተሰበረ ቃል፣ የተንጠለጠለ ዓረፍተ ነገር ያኔ ይጋለጣል። ቀጥሎ ድምፁን ዘግታችሁ እዩት። ጭንቅላት ከዘለለ ወይም ዙሙ ያለ ምክንያት ከተመላለሰ ያኔ ታዩታላችሁ።

የበርጩማው ቪዲዮ 2 ደቂቃ ከ6 ሰከንድ ሆኖ አለቀ። ውስጡ 14 ቁርጥ አለ። ዘጠኙን ፋታ በማሳጠር፣ ሁለቱን በዙም፣ ሦስቱን በመሸፈኛ ምስል ደበቅኳቸው። አባትየው ስልኩን ተቀብለው እስከ መጨረሻው አዩት። «ዝናቡ መቼ ጀመረ?» ብለው ልጃቸውን ጠየቁት።